ጣሳው የት ተደበቀ?

«ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለህ ዋርካው ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ግባ፤ አረንጓዴ በር ነው።» በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የቤት አድራሻ የሚነገረው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ ለማያውቅ ግን ምንም አይነግርም። እኔ በሥራዬ ከክፍለ ሀገር የሽያጭ ወኪሎች የሱቅ አድራሻ ስቀበል የምሰማው ይህንኑ ስለሆነ ለምጄዋለሁ። የሚያሳስበው ሌላው ነው። ማታ ላይ አያት ቢታመሙና ስልኩን የሚያነሳው የአሥር ዓመት ልጅ ቢሆን ለባጃጅ ነጂው ወይም ለአምቡላንሱ ቤቱን እንዴት አድርጎ ይጠቁማል?

ልጆቻችን የኢትዮጵያን ጎረቤት አገሮች በቃላቸው ይወጡታል። ትምህርት ቤትህ ከቤታችን በየት በኩል ነው ሲባሉ ግን ብዙዎቹ የሚጠቁሙት ወደ ግቢው በር ነው፤ ሁልጊዜ የሚወጡት በዚያ ስለሆነ። ካርታ የሚለው ቃል ራሱ በቤታችን ውስጥ ሌላ ትርጉም ይዟል። ትልቅ ሰው «ካርታ» ሲል የቤት ይዞታ ማረጋገጫውን ወይም የመጫወቻውን ካርታ ነው። የሰፈር ካርታ ያለው ቤተሰብ የለም፤ ከሱቅ የሚገዛም አይገኝም። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያዘጋጃቸው 1 ለ50,000 የሆኑ ዝርዝር ካርታዎች እንኳ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይይዛሉ። 90 ሜትር የሚረዝም የሰፈር መንገድ እዚያ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የልጁን ሰፈር ካርታ መሥራት ያለበት ልጁ ራሱ ነው።

አሠራሩ የድብብቆሽ ዘመድ ነው። አንዱ ቡድን አንድ ጣሳ ይደብቅና የሰፈሩን ካርታ ሠርቶ ቦታውን ምልክት ያደርግበታል። ሌላው ቡድን ካርታውን ብቻ ይዞ ይፈልጋል። ከሁሉም የምወድለት ነገር ቢኖር ካርታውን የሚያርመው መምህር ወይም ወላጅ አለመሆኑ ነው። ጣሳው ከተገኘ ካርታው ልክ ነው፤ ካልተገኘ የሆነ ቦታ ላይ ስህተት አለ፤ ስህተቱንም ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ያገኙታል።

በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጉ፣ የእህቴ ልጆች ከባሕር ዳር ወደ አያቶቻቸው ቤት ፍኖተ ሰላም መጥተው ነበር። ሴቷ 10 ዓመቷ፣ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው። ከጎረቤት ሁለት ልጆች ተጨመሩና አራት ሆኑ። ቀጥሎ የማወራው እነሱ በሁለት ቀን የሠሩትን ነው።

መጀመሪያ፣ ሰሜን የት ነው?

ከሁሉ በፊት በወረቀቱ ላይ የሰሜን ቀስት መሥመር አለበት። ያለ እሱ «ከሱቁ በስተግራ» የሚለው ምልክት ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ከላይ ለሚመጣው ግራ የሆነው ከታች ለሚመጣው ቀኝ ነው።

ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከብረት በር፣ ከቆመ መኪና ወይም ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ ሲሆን ይሳሳታል። ለማጣራት አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ማየት ይበቃል። መርፌው ቦታ ከቀየረ ብረት እየሳበው ነው።

ከስልኩ በፊት ግን ልጆቹ አካባቢያቸውን ማየት ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ኅብስቱ የሚዘጋጅባት ትንሿ ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ በልማድ የምትሠራው ከሕንፃው በስተምሥራቅ ነው። መስጊድ ያለበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ፍንጭ አለ። መካ ከምዕራብ ጎጃም ስትታይ ወደ ሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ሰጋጆች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ሰሜን ተጠግተው ነው። ልጆቹ አያታቸውን «ቤተ ልሔሟ በየት በኩል ናት?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ አያታቸው ከተቀመጡበት ሳይነሡ በከዘራቸው ጠቆሙ። በኋላ በጥላ ስንለካው የከዘራው አቅጣጫ ከምሥራቅ ብዙም አልራቀም።

የጥላው መለኪያ እንዲህ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ይተከላል። የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ ጥላው አዲስ በደረሰበት ላይ ሁለተኛ ድንጋይ ይደረጋል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ድንጋይ የተሰመረ መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። በጣም ትክክል የሚሆነው እኩለ ቀን ላይ ሲደረግ ነው። እኩለ ቀን ደግሞ በእኛ አገር ሰዓት 6 ሰዓት ይመስላል እንጂ አይደለም። ፍኖተ ሰላም የአገሪቱ ሰዓት ከተቀመረበት መስመር ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው፤ በጥር መጨረሻ 6 ሰዓት ከ45 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ እንጨቱን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተክለን 7 ሰዓት ላይ ለካን።

እዚህ ላይ መምህራንም ወላጆችም የሚደናገሩበት ነገር አለ። «የእኩለ ቀን ጥላ ሰሜንን ያሳያል» የሚለው ከሩቅ አገር መጽሐፍ የመጣ ሕግ በጎጃም ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይዋ በስተሰሜን በኩል ስለምታልፍ የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህን የሚሞክር ክፍል፣ ሕጉን በቃሉ ይዞ ከሆነ፣ ካርታውን ገልብጦ ይሠራል። ሁለቱን ድንጋዮች የሚጠቀም ግን በየትኛውም ወር አይሳሳትም። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» የሚለውም ቢሆን በግምት ነው። ፀሐይዋ በታኅሣሥ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ተጠግታ ነው የምትወጣው።

ርቀት በእግር

መለኪያ ሜትር ለሰፈር ሙሉ አይበቃም፤ የሚበቃው የልጁ እግር ነው። ግቢው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ 50 ሜትር በገመድ ለክተን በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ አስቀመጥን። እያንዳንዱ ልጅ እንደወትሮው እየሄደ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ትልቋ 80፣ 84 እና 82 እርምጃ አገኘች፤ አማካዩ 82 ነው። አንድ እርምጃዋ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ትንሹ በ100 እርምጃ ስለጨረሰ የእሱ እርምጃ ልክ ግማሽ ሜትር ሆነ። ቁጥራቸውን መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ሦስቱ ቆጠራዎች እርስ በርሳቸው በጣም የሚራራቁ ከሆነ ልጁ ሰው እያየው ስለሆነ እየተንጠራራ ነው፤ ትንሽ ተጫውቶ ይመለስ።

ከዚያ ዙሪያውን ሄዱ። ከበሩ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ እስከ ሱቁ ማዕዘን፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ደቡብ እስከ ጅረቷ፣ በጅረቷ ዳር ባለው የእግር መንገድ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ሽቅብ ወደ ሰሜን፣ ወደ በሩ። ትልቋ የቆጠረችው 148፣ 98፣ 148 እና 112 እርምጃ ነው። በሜትር ሲቀየር 90፣ 60፣ 90 እና 68 ይሆናል። በየመንገዱ ያገኙትን ነገር ትንሹ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ስለሚያቅተው በአብዛኛው ይሥላል። የመብራት እንጨቱን፣ የቧንቧ ውኃ መቅጃውን፣ ሁለት ባሕር ዛፎችን፣ አንድ ዋንዛና አንድ ትልቅ አይሱዙ ሣለ። አይሱዙው በማግሥቱ አልነበረም። ካርታ ላይ ምን ይገባል ምን አይገባም የሚለውን ትምህርት በዚያች አይሱዙ ተማሩ፤ ነገ ቦታው ላይ የማይገኝ ነገር ምልክት አይሆንም።

ወረቀት ላይ ሲወርድ

የሒሳብ ባለካሬ ደብተር ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የአንዷ ካሬ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዷን ካሬ 5 ሜትር አልናት። 90 ሜትሩ 18 ካሬ፣ 60ው 12 ካሬ ሆነ፤ ሰፈሩ በአንድ ገጽ ላይ ተቀመጠ።

የመጨረሻው መስመር ሲሰመር ግን አልገጠመም። ወደ በሩ መመለስ የነበረበት መስመር በሩን አልፎ አያታቸው ማድ ቤት ውስጥ ገባ። ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ ቁጥሮቹን ብቻ ማየት በቂ ነበር። ያው ቁልቁለት ሲወርዱት 98 እርምጃ ነበር፤ ከጎኑ ያለውን ዳገት ሲወጡት 112 ሆነ። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይበዛል፤ መንገዱም በካርታው ላይ ካለው በላይ ይረዝማል። ያንን ጎን ብቻ በገመድ ሲለኩት 61 ሜትር ወጣ። በ300 ሜትር ዙሪያ ላይ እስከ 15 ሜትር የሚደርስ አለመግጠም ለልጆች የሚታለፍ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ተረስቷል ወይም አቅጣጫ ተዛብቷል ማለት ነው።

ታናሽዬው የራሱን ካርታ ለብቻው ሠርቶ ነበር። በእሱ ካርታ የአያቶቹ ቤት መሐል ላይ ሆኖ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቤቶቹም ጣሪያና በር ኖሯቸው ከፊት ለፊት እንደሚታዩ ሆነው ተሥለዋል። የእህቱ ግን ከላይ እንደ ወፍ የታየ ነው። ዴቪድ ሶቤል የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች ካርታ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ በደንብ ያሳያል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ቤቱን ከፊት ለፊት ይሥላል፤ ቀስ በቀስ ከኮረብታ ላይ ሆኖ እንደሚያይ ይሆናል፤ ወደ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሲጠጋ ከላይ ማየት ይችላል። እናም የሰባት ዓመቱ ልጅ ካርታ የተሳሳተ ካርታ አይደለም፤ ወላጅም እጁን ይዞ ሊያስተካክልለት አይገባም። ደግሞ የዋንዛው ዛፍ በእሱ ካርታ ላይ ከእህቱ ይልቅ ቶሎ ይለያል።

ጣሳውን መደበቅና መፈለግ

ጣሳው ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር፤ ውስጡ እርሳስ፣ ላጲስና የአራቱ ልጆች ስም የተጻፈበት ወረቀት አለው። የሚበላ ነገር አይገባበትም፤ ውሻና ጉንዳን ከልጆቹ ቀድመው ያገኙታል። ፌስታልም አይሆንም፤ ቆሻሻ መስሎት የሚያነሣው ሰው አይጠፋም። ቦታ ሲመረጥ የድንጋይ ካብ ቀዳዳ ውስጥ እጅ ማስገባት ክልክል ነው፤ እባብ አለ። ትራንስፎርመርና የመብራት እንጨት አጠገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ አስፋልት ማዶ እንዲሁም ጅረቷ ውስጥም አይደበቅም። መሬት አይቆፈርም።

የመጀመሪያው ፍለጋ አልተሳካም። ትልቋ በካርታው ጎን ላይ «ከበሩ ወደ ምሥራቅ 120 እርምጃ» ብላ ጻፈች። ታናሽዋ 120 ቆጥሮ ቆመና የሰው አጥር ሥር ፈለገ፤ ምንም የለም። ትክክለኛው ቦታ 13 ሜትር ወደፊት ነበር። የእሷ 120 እርምጃ 73 ሜትር ነው፤ የእሱ ግን 60። ተኮራረፉ። ከዚያ እሱ ራሱ መዳፉ ላይ ያለውን ቁጥር አየና «የእኔ እግር ትንሽ ነው!» አለ። ካርታው ላይ እርምጃው ተሰርዞ 73 ሜትር ተባለ፤ እሱም በግማሽ ሜትር እርምጃው 146 ቆጠረና ከቧንቧው ኋላ፣ ከሣሩ መሐል፣ ጣሳውን አወጣ። እርምጃ የግል ነው፤ ሜትር ግን የሁሉም ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ስንት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል?

አንድ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ልጆች ወረቀት ይዘው እየለኩ ሲዞሩ ጎረቤት ይጠይቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። በተለይ በእነዚህ ዓመታት መለካትና ፎቶ ማንሣት ጥርጣሬ ሊፈጥር ስለሚችል አስቀድሞ ለጎረቤትና ለቀበሌ መንገር፣ ፎቶ አለማንሣት፣ የመንግሥትና የጸጥታ ተቋማትን በካርታው ላይ አለማስገባት ተገቢ ነው። ወጣ ማለት በማይመችበት ሳምንት ጨዋታው በትምህርት ቤት ቅጥር ወይም በግቢ ውስጥ ይሠራል፤ አንዷን ካሬ አንድ ሜትር ማድረግ ብቻ ነው።

ከሰፈር ወጥቶ፣ እስከ ቡሬ

በሁለተኛው ቀን ማታ ታናሽዬው ካርታው ላይ ያለችውን ጅረት በጣቱ ተከትሎ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደረሰና «ከዚህ ወዲያ የት ትሄዳለች?» አለ። ጥሩ የጂኦግራፊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከምዕራብ ጎጃም የተሻለ የትም አይገኝም።

የፍኖተ ሰላም አካባቢው የላህ ወንዝም ሆነ የቡሬው ፈታም ወደ ደቡብ ወርደው ዞሮ ዞሮ ከዓባይ ይገባሉ። ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ በቀጥታ ሲለካ 30 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ላይ ሰከላ አለች፤ ግሽ ዓባይ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ግን የሚፈሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ነው። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ከቡሬ በስተደቡብ፣ የነቀምቴ መንገድ በሚያቋርጠው በረሃ በኩል ያልፋል። ማለትም ከግሽ የተነሣች አንዲት ጠብታና ከአያታቸው ቤት ኋላ የተነሣች ጠብታ ተነጣጥለው ሄደው እዚያ ታች ሊገናኙ ይችላሉ፤ አንዷ በአቋራጭ፣ ሌላዋ ጎጃምን ዞራ። ልጆቹ ይህን በሌላ ገጽ ላይ፣ አንዷን ካሬ 5 ኪሎ ሜትር አድርገው ሣሉት። ሰከላ ከፍኖተ ሰላም 6 ካሬ ወደ ላይ ሆነች። ዓባይ ግን ከገጹ ወጣና ሁለት ወረቀት ተቀጠለ።

ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሆነው ያንኑ ካርታ ቀጠሉት። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም በቀጥታ ወደ ምዕራብ ናት ማለት ይቻላል፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሐል ላይ ማንኩሳ አለች፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የበዛብህ ወላጆች የሚኖሩባት ማንኩሳ። እናታቸው እዚያ ሲደርሱ መጽሐፉን እንደሚያነቡት ቃል አስገባቻቸው፤ የሰባት ዓመቱ መቼም ጊዜ አለው። ከሰዓት በኋላ ስለነበር እስከ ቡሬ ድረስ ፀሐይዋ ሹፌሩን ፊት ለፊት ስትወጋው ነበር። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ወደ እንጅባራ፣ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ፀሐይዋ ወደ ግራ መስኮት ዞረች። ትልቋ የመታጠፊያውን ሰዓት ጻፈች፤ ቀስቷንም ሳትጠይቅ ወደ ላይ አዞረችው።

ጣሳው አሁንም ፍኖተ ሰላም ነው፤ የጎረቤት ልጆቹ ቦታውን ቀይረውታል። ቀጣዩ ፍለጋ ከክረምት በኋላ ጥቅምት ላይ ነው። የእግር መንገዱ በሣር ይሸፈናል፤ ጅረቷም ዳሯን በልታ አዲስ መስመር ይዛ ይሆናል፤ የደቡቡ ጎን እንደገና መለካት አለበት። የታናሽዬው እርምጃም እስከዚያ ግማሽ ሜትር ሆኖ አይቆይም፤ 50 ሜትሩን መልሶ መቁጠር ይኖርበታል።